የሃያ አራት ሰዓቱ ጀሪካን

ሲቀላ ሰፈር ኦይታን የማያውቅ አልነበረም። የሚያውቁት ግን በደግነቱ ወይም በክፋቱ አይደለም፤ በሽንታቸው ነው። በሆስፒታሉ ላቦራቶሪ አሥራ አንድ ዓመት ሲሠራ የሰፈሩ ሰው በሙሉ አንድ ቀን ትንሽ ብልቃጥ በነጠላው ሥር ሸሽጎ ፊቱ ቆሟል። ስለዚህ መንገድ ላይ ሲያገኙት ትንሽ ያፍሩና እፍረታቸውን በቀልድ ይወጡታል። "የብልቃጡ ዳኛ መጣ" ይሉታል። እሱ አይከፋውም ነበር። "ዳኛ" የሚለውን ቃልማ ይወደው ነበር ቢባል ሐሜት አይሆንም።

ኦይታ የሚያምነው የተለካ ነገር ብቻ ነው። ሚስቱ "ትንሽ ጨው አቀብለኝ" ካለችው "ትንሽ ማለት ስንት ነው?" ይላታል። አንድ ጊዜ በቀበሌው የውይይት ክበብ የዘንድሮው ምርት በእጅጉ አድጓል ሲባል እጁን አውጥቶ "በመቶ ስንት?" ብሎ ጠየቀ። ሊቀመንበሩ ረጅም ጊዜ አዩት። ጎረቤቶቹ በኮቱ ጫፍ ጎትተው አስቀመጡት፤ ወደ ቤት ሲመለሱም መንገዱን በሙሉ ሳቁበት፣ ሳቃቸውን እየዋጡ።

በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ላይ፣ አቶ ዳልጮ ከገረሴ በጭነት መኪና ወረዱ። የኦይታ እናት ወንድም ናቸው። አባቱ በልጅነቱ ስለሞተ ያሳደጉትም ትምህርት ቤት ያስገቡትም እሳቸው ናቸው። ራሳቸው ፊደል አልቆጠሩም። ቢሆንም በገረሴ ዱቡሻ፣ ሽማግሌዎች ሣሩ ላይ ተቀምጠው የሰው ክርክር በሚሰሙበት ሜዳ፣ ከዳልጮ ቀድሞ የሚጠራ ስም አልነበረም። የሚጠሩትም ስለ አንደበታቸው ሳይሆን ስለ ጆሯቸው ነው። ሌላው ሽማግሌ ተከራካሪውን መሐል ላይ አቋርጦ ምክር ሲጀምር እሳቸው ከጠዋት እስከ ማታ ዝም ብለው ይሰማሉ። ውሸታም ሰው ድምፁ የቱ ጋ እንደተንቀጠቀጠ ያውቃሉ። በእንሰት ማሳ ድንበር ለመገዳደል የተነሡ ወንድማማቾች "ዳልጮ ሰምቶናል" ካሉ ቤታቸው ገብተው ይተኛሉ፤ ፍርዱ ነገ ይምጣ፣ ከነገ ወዲያ ይምጣ ግድ የላቸውም።

አሁን ግን እኚህ ሰው ለአራት ወር ሲያስሉ ቆይተው፣ አጥንታቸው ብቻ ቀርቶ፣ ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ከምታለማው ልጃቸው ከአስቴር ቤት ገቡ። አክታቸውን የመረመረው ኦይታ ራሱ ነው። በሰማያዊው ሜዳ ላይ ቀያዮቹ የነቀርሳ ዘንጎች ተበትነው አያቸው። የሌላ ሰው ቢሆን "ተገኘ!" ብሎ ወደ ሐኪሙ ይሮጥ ነበር። በዚያን ቀን ግን ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ አንሥቶ ወንበሩ ላይ ትንሽ ቆየ።

ሐኪሙ ዶክተር ሸዋንዳኝ ይባላል። ከአዲስ አበባ ተመድቦ ከመጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው፣ ሙቀቱ አሁንም በቀን ሁለት ሸሚዝ የሚያስቀይረው ወጣት ነው። ነገሩን ለኦይታ በግልጽ ነገረው። ሳንባውን የሚያድነው ዋናው መድኃኒት መርፌው ነው፣ ስትሬፕቶማይሲን። ይህ መድኃኒት ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት በኩል ነው። ኩላሊት ከደከመ እየተጠራቀመ የጆሮን ነርቭ ይበላል፤ የተበላ ጆሮ ደግሞ አይመለስም። ኩላሊታቸው ደህና ከሆነ በየቀኑ ይወጋሉ። ከደከመ ግን በሳምንት ሁለቴ ወይም ሦስቴ ብቻ ይሰጣቸዋል፣ በጥንቃቄ። ለሁሉም ሰው አሳንሶ መስጠት ደግሞ አይሆንም፤ መርፌው ካነሰ ነቀርሳው ያሸንፋል።

"ስለዚህ መጀመሪያ ኩላሊታቸውን ንገረኝ" አለው።

ኦይታ ደሙን ወስዶ በፒክሪክ አሲዱ አቀላቅሎ፣ ቢጫው ወደ ብርቱካን ሲለወጥ ለክቶ፣ በኩራት ይዞ መጣ። ክሬአቲኒን አንድ ነጥብ አራት። እስከ አንድ ነጥብ አምስት ድረስ ደህና ነው ብሎ የላቦራቶሪው ወረቀት ራሱ ይናገራል።

ሐኪሙ ወረቀቱን ሳይሆን ሽማግሌውን አየ። ሚዛን ላይ አወጣቸው፤ አርባ አራት ኪሎ። ከደረት ኪሱ ትንሽ ደብተር አወጣና እያሰበ ተናገረ። "ክሬአቲኒን የሚመጣው ከጡንቻ ነው። ጡንቻን እሳት በለው፤ ክሬአቲኒኑ አመዱ ነው፣ ኩላሊት ጠራጊዋ ናት። ትልቅ እሳት በሚነድበት ቤት ይህን ያህል አመድ ብታገኝ ምንም አይደለም። አንዲት ጭራሮ በሚነድበት ቤት ይህን ያህል ከተጠራቀመ ግን ጠራጊዋ ታማለች።"

ደብተሩ ላይ አንድ ቀመር ተጽፏል። ከመቶ አርባ ላይ ዕድሜን ትቀንሳለህ፣ በክብደት ታባዛለህ፣ ከዚያ ሰባ ሁለትን በክሬአቲኒኑ አባዝተህ ለዚያ ታካፍላለህ። ዕድሜያቸው በካርዱ ስልሳ ስምንት ስለሆነ ሰባ ሁለቱ ከላይም ከታችም ሆኖ ተጣፋ፤ የቀረው አርባ አራትን ለአንድ ነጥብ አራት ማካፈል ነበር። ሠላሳ አንድ ወጣ፣ በደቂቃ ሠላሳ አንድ ሚሊ ሊትር። ጤነኛ ጎረምሳ መቶና ከዚያ በላይ ያጣራል።

ኦይታ ቅር አለው። አለውና ደግሞ እንደ ልማዱ ዝም አላለም። "ዕድሜያቸው ራሱ ግምት ነው እኮ፣ ዶክተር። ጣሊያን ሲገባ ሙሽራ ነበርኩ ስላሉኝ እኔ ነኝ ካርዱ ላይ የጻፍኩት። ቀመሩ ደግሞ ፈረንጅ ተለክቶበት የወጣ ነው። ግምት በግምት ላይ። የሃያ አራት ሰዓት ሽንት ሰብስበን እንለካው። ለክተን ማወቅ እየቻልን ለምን እንገምታለን?"

ሐኪሙ ፈገግ አለ። በተማረበት ሆስፒታል ነርስ አልጋው አጠገብ ቆማ እየጠበቀች እንኳ ሙሉ ስብስብ ማግኘት ብርቅ እንደነበር ነገረው። አንዱ ይደፋዋል፣ አንዱ ይረሳዋል፣ አንዱ ከትናንቱ ይጨምርበታል። ልኬቱ በትክክል ቢሠራ እንኳ ትንሽ ያጋንናል፤ ኩላሊት ከምታጣራው ሌላ በጎንም የምታስወጣው ክሬአቲኒን አለና። "የተበላሸ ልኬት ከደህና ግምት ይብሳል" አለ።

"ቤተሰቤ ናቸው" አለ ኦይታ። "እኔ አለሁበት።"

በሆስፒታሉ ለዚህ የሚሆን ዕቃ አልነበረም። ኦይታ ሚስቱ ዘይት የምታስቀምጥበትን ባለ ሁለት ሊትር ነጭ ጀሪካን ለምኖ፣ ተለማምጦ፣ አጥቦ፣ በፈላ ውሃ አለቅልቆ ለአስቴር ወሰደላት። ሚስቱ ዕቃው ተመልሶ ዘይት እንደማይያዝበት ስላወቀች ከልቧ ነው የተሰናበተችው።

ለአስቴር ያስተማራትን ሲያስተምር የሰማ ሰው መንግሥት የሚያስረክብ ይመስለዋል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የመጀመሪያውን ይሽኑና ይደፋ፤ እሱ የሌሊቱ ነው፣ አይቆጠርም። ከዚያ በኋላ ቀንም ሌሊትም የሚመጣው ሁሉ ጀሪካኑ ውስጥ። በማግሥቱ አንድ ሰዓት ላይ የመጨረሻውን ሸንተው እሱም ይጨመር። ጀሪካኑ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። ይህን በጋሞኛ ሁለት ጊዜ፣ በአማርኛ አንድ ጊዜ ነገራት። አስቴርም አንድ ጊዜ መልሳ ነገረችው፣ ሳትሳሳት። ሊሄድ ሲል ግን ከበር ላይ ተመልሶ ጣቱን አነሣ።

"አንዲት ጠብታ እንዳትጎድል። ከጎደለ ኩላሊታቸው የደከመ መስሎ ይታየናል። ያን ጊዜ መርፌውን ይቀንሱባቸዋል።"

አስቴር ጀሪካኑን በሁለት እጇ ተቀበለችው።

በማግሥቱ ያመጣችው ጀሪካን እስከ አንገቱ ሞልቶ ነበር። ኦይታ በመለኪያው ሲገለብጠው ልክ ሁለት ሺህ ሚሊ ሊትር ሆነ። የጎደለ አለ ወይ ብሎ ጠየቃት፤ ምንም አልጎደለም አለችው። ውሃ ተጨምሮበታል ወይ ብሎም ጠየቃት፤ አንዲት ጠብታ ውሃ አላስጠጋሁም አለችው፣ በእግዚአብሔር ስም። ይህን ሁለተኛውን የጠየቀው እንዲያው ለልማድ ነው። ውሃማ ቢጨመር ምን ያመጣል? ሽንቱ ይቀጥናል፣ መጠኑ ይበዛል፣ ሲባዛ ውስጡ ያለው ክሬአቲኒን ያው ነው። ኦይታ ይህን ያውቃል። ለሠልጣኞችም እያሳየ ይኩራራበታል።

ለካው። በመቶ ሚሊ ሊትር ስልሳ አምስት ሚሊ ግራም። በሁለት ሺሁ አባዛ፣ ለቀኑ ደቂቃዎች፣ ለአንድ ሺህ አራት መቶ አርባ አካፈለ፣ እንደገና ለደሙ ልክ ለአንድ ነጥብ አራት አካፈለ። ስልሳ አራት። ግምቱ ሠላሳ አንድ ብሎ ነበር፤ ልኬቱ ከእጥፍ በላይ አወጣው። ኦይታ ወረቀቱን ይዞ ግቢውን ሲሻገር ያዩት ሴቶች የብልቃጡ ዳኛ ዛሬ ሰው ወርቅ ሸንቶለታል ተባባሉ።

ዶክተር ሸዋንዳኝ ቁጥሩን አየ፣ ደብተሩን አየ፣ እንደገና ቁጥሩን አየ። ልኬት ያጋንናል ያለውን አስታውሶ ትንሽ ቢቀነስለት እንኳ ሃምሳ ይሆናል፤ ሃምሳና ሠላሳ አንድ ደግሞ አንድ አይደሉም አለ። በመስኮቱ በኩል አግዳሚው ላይ የተቀመጡትን ሽማግሌ ተመለከተ። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ አጠገባቸው የተቀመጠችውን የማያውቋትን ሴት ወሬ ይሰሙ ነበር።

"ስብስቡን ታምነዋለህ?" አለ።

"እንደ ራሴ።"

"ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ?"

"ዶክተር፣ እኔን ያሳደጉ ሰው ናቸው። በሳቸው እቀልዳለሁ?"

ሐኪሙ ብዕሩን አወጣ። በየቀኑ ሦስት ሩብ ግራም፣ ለሁለት ወር።

የመጀመሪያው ወር የደስታ ወር ነበር። ሳሉ ለቀቃቸው። ትኩሳቱ ጠፋ። የሀለኮ ቅጠል ያለበት የበቆሎ ኩርኩፋ ሰሃን ሙሉ መብላት ጀመሩ፤ አስቴር ለጎረቤት ሁሉ ታወራው ነበር። አክታቸው ሲመረመር ዘንጎቹ አልነበሩም፤ ኦይታ ሦስት ጊዜ ፈልጎ ሦስት ጊዜ አጥቷቸው ባዶውን ሰማያዊ እያየ ለብቻው ሳቀ።

በስድስተኛው ሳምንት ሽማግሌው በመንገድ ሲሄዱ የሙዝ ግንድ መያዝ ጀመሩ። ቆላው አዞረኝ አሉ፤ ደገኛ ሰው ናቸውና ሁሉም አመናቸው። ጆሯቸው ውስጥ ቀንና ሌሊት የንብ ቀፎ እንደሚጮህ ግን ለማንም አልተናገሩም። ሽማግሌ ሰው ጆሮዬ ጮኸ ብሎ አቤት አይልም።

ነገሩ የታወቀው በጸሎት ላይ ነው። በዚያ ዘመን የወንጌል ቤተ ክርስቲያኖቹ ታሽገው ምእመኑ በየቤቱ፣ በጠራራ ቀን፣ የሠርግ ድግስ የሚያዘጋጅ መስሎ ይሰበሰብ ነበር። መዝሙር የሚዘመረው በሹክሹክታ ነው። አንድ እሑድ አስቴር ቤት አሥራ ሁለት ሰው ተሰብስቦ ከንፈር ብቻ እየተንቀሳቀሰ ሲዘመር፣ አቶ ዳልጮ ድምፃቸውን ለቀቁት። እንደ ጥንቱ፣ በሙሉ ደረታቸው። ሰው ደነገጠ። አስቴር እጃቸውን ያዘቻቸው፤ እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ሌላው በሙሉ ጸጥ ካለ በኋላ አንድ ሙሉ አዝማች ብቻቸውን ዘመሩ። በመንገዱ የሚያልፍ የአብዮት ጥበቃ ቢኖር ሁሉም ታስረው ነበር። ጨርሰው ዓይናቸውን ሲገልጡ ሰው ሁሉ እሳቸውን እያየ ነው።

"ምነው? ጨረሳችሁ እንዴ?" አሉ፤ አሁንም ጮክ ብለው።

ኦይታ ከማዕዘኑ ተነሥቶ ከጀርባቸው ቆመና ስማቸውን ጠራ። አልዞሩም። አንድ ጊዜ ደግሞ ጠራ። ከዚያ እጁን አጨበጨበ። ዞር ያሉት በመጨረሻ አስቴር ስታለቅስ ስላዩ ነው።

ዶክተር ሸዋንዳኝ መርፌውን በዚያው ቀን አስቆመ። ክሬአቲኒኑ አንድ ነጥብ ዘጠኝ ደርሶ ነበር። ከሳምንት በኋላ ሲለካም እዚያው ረግቷል፤ ጆሯቸው ግን ምንም ለውጥ አላሳየም። ሐኪሙ ቁጣም ወቀሳም አላሰማም። ያንን ስልሳ አራት የሚባል ቁጥር እንደገና ማየት እፈልጋለሁ አለ፤ በዚህ ጊዜ ግን እዚሁ ተኝተው፣ ዓይናችን እያየ።

ኦይታ አጎቱን ሊያመጣ ወደ ኩልፎ ወረደ። አስቴር ሙዝ ቅጠል እየቆረጠች አገኛት። እንደገና ሽንት ሊሰበሰብ ነው አላት። ቢላዋዋን መሬት ላይ አድርጋ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

"እሺ" አለች። "ጉድለቱን አሁንም እኔ ልሙላላቸው?"

ኦይታ የሰማውን አልተረዳም። "የምኑን ጉድለት?"

ነገረችው። የነገረችውም እንደ ሙያ ነው፣ ትንሽ እንኳ ሳታፍር። አባቷ በልጃቸው ቤት ጀሪካን ይዞ መቆም አሳፍሯቸው በዚያን ቀን ሁለት ጊዜ ወደ ሙዙ ውስጥ ገብተው እዚያው ሸንተው መጡ። ሊቆጧት ስለሚችሉ ምንም አላለቻቸውም። ግን ጎደለ። ኦይታ ደግሞ አንዲት ጠብታ ከጎደለ መርፌውን ይቀንሱባቸዋል ብሏል። የጎረቤት ወተት ብትደፋ ከራሷ ላም አልባ ትተካ የለ? ይህንንም ከራሷ ተካችው። መተካት ከጀመረች በኋላ ደግሞ የሰው ዕቃ አጎድሎ መመለስ ነውር ስለሆነ ጀሪካኑ እስኪሞላ ድረስ አላቆመችም።

"ቀኑን ሙሉ ከኔ ጨመርኩበት" አለች። "የሳቸው ደም አይደለሁ? ባዕድ አይደለሁም።"

"ስጠይቅሽ ምንም አልጎደለም አልሽኝ።"

"አልጎደለማ። እኔ ሞልቼው የለ?" ፊቱን አየችና ግራ ተጋባች። "ውሃ ነው የጠየቅኸኝ። ውሃ ያበላሸዋል ብዬ አንድ ጠብታ አላስጠጋሁበትም፣ ኦይታ።"

ውሃ ቢሆን ኖሮ። ኦይታ ይህን አሰበና የተቆረጠው ቅጠል ላይ ተቀመጠ። ውሃ ጨምራበት ቢሆን ኖሮ አባቷ ዛሬ ይሰሙ ነበር።

ያሰበውን ሸሸገባት። ልኬቱ በዚህ ጊዜ ሆስፒታል ነው የሚሠራው፣ አንቺ አትድከሚ ብሎ ብቻ አጎቱን ይዞ ሄደ። ላቦራቶሪው ገብቶ የኅዳርን መዝገብ ገለጠና በመጀመሪያው ቀን ያልሠራትን አንዲት ስሌት ሠራ። ስልሳ አምስት በሃያ፤ በቀን አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሚሊ ግራም። ይህን ለአርባ አራት ኪሎ ሲያካፍለው ለእያንዳንዱ ኪሎ ሠላሳ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ወጠምሻ ጎረምሳ፣ ከብረት ጋር የሚታገል፣ ሃያ ቢያወጣ ነው፤ በዛ ከተባለ ሃያ አምስት። ያ ሁሉ ክሬአቲኒን ከእነዚያ ክንዶች ሊወጣ አይችልም ነበር። ወረቀቱ ላይ ሁለት ሰው ተቀምጦ ሳለ አንድ ሰው ነው ብሎ ፈርሟል። የናቀውን ግምትም ደግሞ ሠራው። ዕድሜያቸው በአሥር ዓመት ተሳስቶ ሃምሳ ስምንት ቢሆን እንኳ ሠላሳ አንዱ ሠላሳ ስድስት ይሆናል እንጂ ስልሳ አራት አይሆንም። ያ የሚስቅበት ግምት ያውቃቸው ኖሯል።

አዲሱን ስብስብ ራሱ አልጋቸው አጠገብ ወንበር አስጠግቶ ጠበቀው፤ ሃያ አራቱንም ሰዓት። ሽማግሌው ሲያዩት ያፍሩ ነበር፣ ፊቱን እያዞረ ተቀበላቸው። በቀን ስድስት መቶ ሚሊ ግራም፤ ልኬቱ ሃያ ሁለት፣ የሐኪሙ ቀመር ደግሞ ሃያ ሦስት። በአንድ ብቻ ተለያዩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኦይታ ይህን በግድግዳ ላይ ይለጥፈው ነበር።

ለዶክተር ሸዋንዳኝ ሁሉንም ነገረው። ሐኪሙ ደብተሩን ኪሱ ከተተ። "ፊርማው የኔ ነው" አለ። "ሽማግሌውን እያየሁ ነው የፈረምኩት።" ከዚያ ለአቶ ዳልጮ የሚዋጡትን መድኃኒቶች ብቻ አዘዘላቸው። በሳንባቸው በኩል ድነዋል ማለት ይቻል ነበር።

በየካቲት ኦይታ የይለፍ ወረቀት አውጥቶ አጎቱን ወደ ገረሴ መለሳቸው፤ አስቴርም አብራ ወጣች። በሦስተኛው ቀን ሁለት ሰዎች የውርስ ክርክር ይዘው መጡ፤ መዳናቸውን እንጂ ሌላውን አልሰሙም ነበር። አቶ ዳልጮ እምቢ አላሉም። ሣሩ ላይ ተቀመጡ። የአንደኛውን አፍ አዩ፣ የሁለተኛውን አፍ አዩ። ሰዎቹ መጮህ ጀመሩ፤ ጩኸቱ ጠብ መሰለና ሌሎች መገላገል ያዙ። ሽማግሌው ከመካከላቸው ሆነው ከፊት ወደ ፊት ሲያዩ እስከ ቀትር ድረስ ቆዩ። ከዚያ እጃቸውን መሬት ላይ ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡና፣ ድምፃቸው ምን ያህል እንደሆነ ሳያውቁ፣ ለሜዳው ሁሉ ተናገሩ።

"የሚሰማ ሰው ፈልጉ።"

ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ዱቡሻው አልወጡም።

በጋሞ ደጋ የተሸሸገ በደል ጎሜ ይባላል። በደለኛው በሽማግሌ ፊት በአፉ አውጥቶ ካልተናገረው፣ ሽማግሌውም ሰምቻለሁ ካላለው አይለቀውም፤ ከብቱንም ልጁንም ይከተላል። ኦይታ ወንጌል የተቀበለ፣ ማይክሮስኮፕ የሚያይ ሰው ስለሆነ ይህን ትቼዋለሁ ይል ነበር። ሊመለስ ጓዙን ባሰረበት ጠዋት ግን አጎቱ ከቤቱ ጓሮ እንሰቱ ሥር ፀሐይ ሲሞቁ አገኛቸውና ፊታቸው ተንበረከከ። ሊጽፍላቸው አይችል፤ አያነቡም። በምልክት ሊነግራቸው አይችል፤ ስልሳ አራት በምን ጣት ይነገራል?

ስለዚህ ተናገረው። ለደንቆሮ እንደሚናገር ሰው ሁሉ ሳያስበው ጮክ አለ። ጆሮዎን የወሰድኩት እኔ ነኝ አለ። ሐኪሙ ግምቱ ይበቃል ሲል አይበቃም ያልኩ እኔ ነኝ። "የአስቴር ሽንት ነው የተቀላቀለበት፣ የርስዎ አልነበረም። እኔ ማወቅ ነበረብኝ፣ ማካፈል ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ። እሷ ምን ታውቃለች? እኔ ግን አውቃለሁ፣ አውቄም አላየሁም።"

አቶ ዳልጮ ከንፈሩን አዩ። ለመንገድ ምርቃት የሚለምን መሰላቸው። ሁለት እጃቸውን ራሱ ላይ አድርገው መንገድህ ይቅና፣ ልጆችህ ይባረኩ፣ እጅህ የነካው ሁሉ ይዳን ብለው መረቁት፤ ረጅም ምርቃት፣ ድምፁ እስከ ጎረቤት የሚሰማ። ኦይታ ራሱን ከእጃቸው ሥር ማውጣት አልቻለም።

ምርቃቱን ጨርሰው ቀና ሲሉ ከኦይታ በስተጀርባ አዩ። አስቴር ለመንገዱ የተጠቀለለ ቂጣ ይዛ በጓሮው በር ቆማለች። መቼ እንደመጣች ኦይታ አላወቀም፤ ዞር ሲል ግን ከፊቷ ላይ ሁሉንም እንደሰማች አየ። ቂጣው ከእጇ አልወደቀም። ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛው፣ አፏን ከፍታ፣ ድምፅ የሌለው ለቅሶ ታለቅስ ነበር፤ ወይም ድምፅ ነበረው፣ ለአንዱ ግን አልነበረውም።

ሽማግሌው ልጃቸውን አዩ፣ የተንበረከከውን የእህታቸውን ልጅ አዩ።

"ማን ሞተ?" አሉ።

 በሠላሳ ዓመት የዱቡሻ ልማዳቸው አላጣደፉም፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ቀድሞ የሚናገረውን ሰው አፍ ለማየት አንዴ እሷን አንዴ እሱን እያዩ ጠበቁ።